ኬክ በድስት፦ ያለ ኦቨን ለመጋገር፣ በተለይ ደጋ ላይ ለምንኖር

ኬክ ኦቨን አይፈልግም። የሚፈልገው ከሁሉም አቅጣጫ የሚያገኘው፣ ደረቅና የተረጋጋ ሙቀት ነው። ወፍራም ድስት፣ የሚገጥም ክዳን ካለው፣ ይህን ሙቀት መስጠት ይችላል። ኦቨን የሌለው ቤት ብዙ ነው። ኦቨን ያለውም ቢሆን መብራት ሲቆራረጥ ሊጡን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ይህን ዘዴ አንዴ በደንብ መልመድ ያዋጣል።

በድስት መጋገር ላይ የሚያስቸግሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ እሳቱ ከታች ብቻ ስለሚመጣ ታቹ አሮ ላዩ ጥሬ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛ፣ ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ኬኩ ላይ ይንጠባጠባል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው የኬክ አሰራር በአብዛኛው የተለካው ለቆላ፣ ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ያው አሰራር እዚህ ሲሞከር ኬኩ ቶሎ ኩፍ ይልና መሃሉ ይሰምጣል። ከዚያ ድስቱ ይወቀሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የቤኪንግ ፓውደሩ ነው።

ድስቱና መቆሚያው

ድስቱ ከባድ ይሁን። ታቹ ወፍራም የሆነ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ድስት በጣም ጥሩ ነው። ስስ ድስት ግን እሳቱ ያረፈበትን ቦታ ብቻ ያግላል። ቴፍሎን የተቀባ ድስት ለዚህ አትጠቀሙ። ባዶውን ለረጅም ጊዜ ሲግል ቅቡ ይበላሻል፣ ጥሩ ያልሆነ ጭስም ያወጣል። ፕሬዠር ኩከር ካላችሁ ወፍራም ስለሆነ ይሠራል፤ ነገር ግን የክዳኑን ጎማና ላዩ ላይ የሚቀመጠውን ክብደት አውጡ። እዚህ እንፋሎት መታፈን የለበትም።

መጠኑን በጣት መለካት ይቻላል። የኬክ መጋገሪያውን ድስቱ ውስጥ ስታስቀምጡ ዙሪያውን በየጎኑ ቢያንስ ሁለት ጣት ክፍተት ይኑር፤ ሞቃቱ አየር የሚወጣው በዚያ ነው። ከመጋገሪያው አፍ እስከ ክዳኑ ደግሞ አራት ጣት ያህል ይኑር። እዚህ የምሰጠው ልክ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላለው ክብ መጋገሪያ ነው። ለእሱ ከ26 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድስት ይበቃል። መጋገሪያ ከሌለ ጎኑ ቀጥ ያለ ትንሽ የአሉሚኒየም ድስት ይተካዋል፤ የፕላስቲክ እጀታ ግን አይኑረው።

ድስቱ ታች ላይ አንድ ጣት ውፍረት ያለው ደረቅ አሸዋ አድርጉ። አሸዋው የተነፋ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ የደረቀ ይሁን። ሥራው ሁለት ነው። ከአንድ ቦታ የሚመጣውን እሳት ያዳርሳል፤ እሳቱ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ብዙ ሰው በአሸዋ ፋንታ ጨው ይጠቀማል፣ ይሠራልም። እኔ ግን አሸዋውን እመርጣለሁ። ጨው እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየም ይበላል፣ ከጊዜ በኋላ ድስቱን ይቦረቡራል። በጨው ከሠራችሁ ያንኑ ጨው በማሰሮ አስቀምጣችሁ ለሌላ ኬክ ተጠቀሙበት፤ ወጥ ውስጥ ግን አይገባም።

አሸዋው ላይ መቆሚያ ይቀመጣል። መጋገሪያው አሸዋውን መንካት የለበትም። ካልሆነ ግን ታቹ ማረሩ አይቀርም። ላዩና ታቹ የተቆረጠ የቱና ቆርቆሮ ለዚህ የተሠራ ይመስል ልክ ይመጣል። እሱ ከሌለ ሦስት እኩል የሆኑ ድንጋዮች ይበቃሉ። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ግን አታስገቡ። ውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ሲግል ይፈነዳል።

ሙቀቱን በዱቄት መለካት

ኦቨን ቁጥር አለው፤ ድስት የለውም። ስለዚህ አሮጌውን የጋጋሪዎች ዘዴ እንጠቀም። ድስቱን አሸዋውና መቆሚያው ውስጥ እንዳለ ከድናችሁ መካከለኛ እሳት ላይ 15 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ትንሽ የቆርቆሮ ክዳን ላይ በስሱ ነስንሱና መቆሚያው ላይ አስቀምጡ። ከድናችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ።

ስትከፍቱት ዱቄቱ ወርቃማ ቡኒ ከሆነ፣ እንደተቆላ ገብስ የሚያውድ ከሆነ፣ ሙቀቱ ለኬክ ልክ ነው። አሁንም ነጭ ከሆነ ወይም ገና ክሬም ከመሰለ እሳቱን ትንሽ ጨምራችሁ ድገሙ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ጠቆር ካለ እሳቱ በዝቷል፤ ቀንሱና ጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁ በአዲስ ዱቄት ሞክሩ። ልኩን ያገኛችሁበትን የቡታጋዙን ወይም የስቶቩን ማዞሪያ ምልክት አድርጉበት። ለሚቀጥለው ጊዜ ፈተናውን መዝለል ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ብዙው የኤሌክትሪክ ምድጃ ማብሪያና ማጥፊያ እንጂ መቀነሻ የለውም። ለእሱ መፍትሔው ምድጃውና ድስቱ መሃል ወፍራም የብረት ምጣድ መጣል ነው። ሙቀቱ ይዘገያል፣ ይረጋጋልም። ድስቱ እስኪግል 25 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ታገሱት። ዱቄቱ እዚያም የሚፈርደው ፍርድ ያው ነው። አሁንም ከበዛ፣ በየ10 ደቂቃው ለ3 ደቂቃ ያህል ማጥፋት ነው። አሸዋው ክፍተቱን ይሸፍናል።

ለደጋ የተለካ ሊጥ

ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከቆላው በበለጠ ይለጠጣል። ሊጡ ገና ሳይጸና ጋዙ ይነፋዋል፣ ከዚያ አረፋው ይፈነዳና መሃሉ ቁጭ ይላል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ያለው እርጥበት ቶሎ ይተናል። ከቀረው ፈሳሽ አንጻር ስኳሩ በዚያው ልክ ይበዛል፤ ብዙ ስኳር ደግሞ ኬኩ እንዳይጸና ያዘገያል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደርና ስኳር እንቀንሳለን፣ ፈሳሽ ትንሽ እንጨምራለን። ነገሩ ይኸው ነው።

መለኪያ ኩባያ ከሌላችሁ ግማሽ ሊትር ውሃ ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ ላይ እኩል ክፈሉ። ውሃው የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ። ያ አንድ ኩባያ ነው።

- የፉርኖ ዱቄት፦ 1 ኩባያ ተኩል (190 ግራም ገደማ)
- ስኳር፦ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ (130 ግራም ገደማ)
- እንቁላል፦ 3
- ዘይት፦ አንድ ሦስተኛ ኩባያ
- ወተት፦ ግማሽ ኩባያ
- ቤኪንግ ፓውደር፦ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ላዩ በቢላ የተስተካከለ
- ጨው፦ ሩብ የሻይ ማንኪያ
- ቫኒላ፦ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ወይም የአንድ ብርቱካን ልጣጭ የተፈቀፈቀ

ይህ ልክ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ነው። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ ሦስት አራተኛ ማንኪያ ዝቅ አድርጉ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ነች፤ እዚያ አንድ ማንኪያ ተኩል ይሁን። ዱባይ ወይም ጅዳ ሆናችሁ የምታነቡ ደግሞ ያላችሁት ባሕር ዳርቻ ነው። ሁለት ማንኪያ አድርጉ፣ ስኳሩንም ከፈለጋችሁ ወደ ሦስት አራተኛ ኩባያ ማድረስ ትችላላችሁ።

እንቁላሉና ወተቱ ከፍሪጅ ወጥተው ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ቀዝቃዛ ሊጥ ድስት ውስጥ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ታቹ ይደርቃል። መጋገሪያውን ቅባት ቀብታችሁ ዱቄት ነስንሱበት፤ ታቹ ላይ በልኩ የተቆረጠ የመጋገሪያ ወረቀት ካነጠፋችሁ ደግሞ ኬኩ ሳይሰበር ይወጣል። ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን ሁለቴ በወንፊት ንፉ። ይህን አትዝለሉ። በአንድ ቦታ የተከማቸ ቤኪንግ ፓውደር ኬኩ ውስጥ ትልቅ ቀዳዳ ይሠራል፣ መረር ያለ ጣዕምም ይተዋል።

እንቁላሉንና ስኳሩን በሹካ ወይም በእጅ መምቻ 4 ደቂቃ ያህል ምቱ። ቀለሙ ነጣ ሲልና ሲወፍር ይበቃል። ጸንቶ እስኪቆም አትምቱት፤ ደጋ ላይ ብዙ አየር ማስገባት ልክ እንደ ብዙ ቤኪንግ ፓውደር ነው፣ መጨረሻው መስመጥ ነው። ዘይቱን በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ ምቱ። ወተቱንና ቫኒላውን ጨምሩ። ዱቄቱን በሦስት ጊዜ አስገቡና በማንኪያ ከታች ወደ ላይ እየገለበጣችሁ አዋህዱ። ነጭ ዱቄት ሲጠፋ አቁሙ። ከዚያ በላይ ከተማሰለ ኬኩ እንደ ዳቦ ይጠነክራል።

ማንኪያውን ስታነሱት ሊጡ ሳይቆራረጥ እንደ ሪባን ወርዶ ላዩ ላይ ጥቂት ቆይቶ መጥፋት አለበት። ጉብ ብሎ የሚወድቅ ከሆነ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ። ዱቄታችን ከፋብሪካ ፋብሪካ ውሃ አያያዙ ስለሚለያይ ይህን በዓይን መወሰን ይሻላል። ወደ መጋገሪያው ገልብጡት። ከግማሽ በላይ መሙላት የለበትም።

ወደ ድስቱ

ሊጡ ከመሠራቱ በፊት ድስቱ ግሎ ይጠብቅ እንጂ ሊጡ ድስቱን አይጠብቅ። ቤኪንግ ፓውደር እርጥበት ካገኘባት ደቂቃ ጀምሮ መሥራት ይጀምራል።

ክዳኑን በንጹሕ የጥጥ ፎጣ ጠቅልሉት። የፎጣውን አራት ጫፎች ወደ ላይ መልሳችሁ እጀታው ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ወደ ታች የተንጠለጠለ ጨርቅ እሳት ይይዛል፤ በተለይ ቡታጋዝ ላይ ይህን ሁለቴ ተመልከቱ። ፎጣው እንፋሎቱን ይመጠዋል፣ ኬኩ ላይ ውሃ አይንጠባጠብም። የክዳኑ እጀታ ላይ ትንሽ የእንፋሎት ቀዳዳ ካለ ፎጣው አይድፈነው።

መጋገሪያውን በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ መቆሚያው መሃል ላይ አሳርፉ፤ ክደኑ። እሳቱን ዱቄቱ ልክ ነው ባላችሁ ቦታ ላይ ተዉት። ለመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች አትክፈቱ። ኦቨን ሲከፈት ሙቀቱን ቶሎ ይመልሳል፣ ድስት ግን ያለችውን ሙቅ አየር በአንዴ ያጣል፤ ገና ያልጸናው መሃል በዚያች ቅጽበት ይወርዳል።

ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ሽታው ይመጣል። መጀመሪያ የሞቀ ወተትና እንቁላል፣ ቀጥሎ የቫኒላና የስኳር ሽታ ነው። ይህ መልካም ነው። የመረረ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ከመጣ ግን ታቹ እያረረ ነው። ክዳኑን ሳትከፍቱ እሳቱን ወዲያው ቀንሱ።

በ40ኛው ደቂቃ ክፈቱና እዩ። ጠርዙ ከመጋገሪያው ትንሽ ሸሽቷል? ላዩን በጣት ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ተመልሶ ይነሳል? ከዚያ ረጅም ንጹሕ ስንጥር መሃሉ ላይ እስከ ታች ውጉ። ስቴኪኒ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ የላይኛውን እንጂ መሃሉን አይነግራችሁም። ስንጥሩ ደረቅ ሆኖ ወይም ደረቅ ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ በስሏል። እርጥብ ሊጥ ከያዘ ክደኑና በየ7 ደቂቃው ፈትኑ። ይህ ልክ በአብዛኛው ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይደርሳል።

ላዩ ነጣ ያለ መሆኑ አያስደንግጣችሁ። በድስት የበሰለ ኬክ ላዩ የገረጣ ነው፣ ምክንያቱም ከላይ የሚመታው እሳት የለም። በቀለሙ ሳይሆን በስንጥሩ ፍረዱ። ቡኒ ካልሆነ ብሎ 20 ደቂቃ የጨመረ ሰው ደረቅ ኬክ ይበላል።

እሳቱን አጥፉ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ 5 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ አውጡና 15 ደቂቃ በመጋገሪያው ውስጥ ይቀዝቅዝ። ዙሪያውን በስስ ቢላ አላቅቁና ገልብጡት። የተገለበጠው ታች ሜዳ የሆነና ቡኒ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያንኑ ላይ አድርጎ ማቅረብ ያምራል።

መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ክዳኑን አትንኩ። መጀመሪያ ላይ ከሆነ፣ በ15 ወይም 20 ደቂቃው፣ ድስቱን እንዳለ ወደ ቡታጋዝ ወይም ወደ ከሰል አዛውሩ፤ እንዳትነቀንቁት። 40 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ከሆነ የአሸዋው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይጨርሰዋል። ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ በስንጥር ፈትኑ።

ላዩም ቡኒ እንዲሆን፦ ከሰል

ላዩን ቡኒ ለማድረግ ከታች ብቻ የሚመጣ እሳት አይበቃም። እናቶቻችን ድፎ ዳቦን ከታችም ከላይም እሳት አድርገው የሚጋግሩት ለዚህ ነው። ያው ዘዴ ለኬክ ይሠራል። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ብረት መሆን አለበት፤ መስታወት ክዳን ፍም ሲነካው ይሰበራል። የፕላስቲክ እጀታ ካለው በክዳኑ ፋንታ ጠፍጣፋ የብረት ምጣድ ድፉበት። ፎጣውን በዚህ ጊዜ ፈጽሞ አትጠቀሙ። ላዩ በፍም ስለሚግል እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ አይቀርምና አያስፈልግም።

ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ፣ ላዩ ግራጫ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ፍሙን ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንዱን እጅ ከታች፣ ማንደጃው ላይ ዙሪያውን እንደ ቀለበት አድርጉት፤ መሃሉ ባዶ ይሁን። ሁለቱን እጅ ክዳኑ ላይ ጠርዙን ይዛችሁ ደርድሩ። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚሄድ የታቹ ጥቂት ፍም ብዙ ይሠራል፤ የላዩ ግን ብዙ ሆኖ ሥራው ትንሽ ነው። ፈዘዝ ሲል አዲስ ፍም ከሌላ ማንደጃ ጨምሩ። ክዳኑን ስታነሱ አመድ እንዳይገባ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ከ35 ደቂቃ በኋላ መፈተን ጀምሩ፣ ከሰል ይፈጥናል።

ከሰሉን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ሥሩበት። ዝግ ቤት ውስጥ ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውም ይገድላል።

ኬኩ ሲበላሽ ምን እያለ ነው?

ቆርጣችሁ ውስጡን እዩ። መሃሉ ሰምጦ ነገር ግን ውስጡ ደርቆ የበሰለ ከሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ ወይም ስኳሩ በዝቷል። መጀመሪያ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ የሻይ ማንኪያ ቀንሱ። ሰምጦ ውስጡ እርጥብና ሙጫ የመሰለ ከሆነ ግን ሳይበስል ወጥቷል ወይም ቶሎ ተከፍቷል፤ ልኩን አትንኩ፣ ጊዜውን ጨምሩ።

ላዩ እንደ ጉልላት ወጥቶ ከተሰነጠቀ እሳቱ በዝቷል። ጠርዙ ቶሎ ይጸናና ያልበሰለው መሃል መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይፈነዳል። ታቹ ብቻ ካረረ መቆሚያው አጥሯል ወይም አሸዋው ሳስቷል፤ እሳቱን ከመቀነስ በፊት እሱን አስተካክሉ። ላዩ ላይ የሚጣበቅ እርጥብ ቆዳ ካለ ፎጣው ስስ ነበር ወይም ርሶ መቀየር ነበረበት። ለሚቀጥለው ድርብ አድርጉት።

ለጾም

የጾም ኬክ በድስት ከፍስኩ ይልቅ ይቀላል፤ ሊጡ እርጥብ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። አንድ ኩባያ ተኩል ዱቄት፣ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ስኳር፣ ሩብ ማንኪያ ጨውና ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በወንፊት ንፉ። አንድ ኩባያ ውሃ ወይም የብርቱካን ጭማቂ፣ አንድ ሦስተኛ ኩባያ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩ። በጭማቂ ከሠራችሁ ኮምጣጤውን ተዉት። ኩፍ የሚያደርገው ሶዳውና ጎምዛዛው ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ስለሆነ ሊጡ በተዋሃደ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ድስት ውስጥ መግባት አለበት። የቀረው ሁሉ ከላይ እንዳለው ነው። እንቁላል ስለሌለው ትኩሱን ከቆረጣችሁት ይፈራርሳል። ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ጠቅልላችሁ አሳድሩትና ጠዋት ቁረጡት፤ ያን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይቆረጣል።